«አደረሰዎ» ያልሽው ማንን ነው?

እስኪ ከራሴ ጉድ ልጀምር። ሌላውን ከመንቀፍ በፊት ራስን ማጋለጥ ደግ ነው ይባላል፤ ደግሞም ከእኔ የባሰ ምሳሌ ፈልጌ አላገኘሁም።

መስከረም 1 ቀን 2018 ጠዋት፣ አዲስ አበባ፣ አልጋዬ ላይ ነኝ። ስልኬ በእንኳን አደረሳችሁ ታጭቋል። አንዱን ቆንጆ መሰለኝና ኮፒ አደረግሁት። ከዚያ የስም ዝርዝሬን ከላይ ወደ ታች እየወረድኩ መለጠፍ ጀመርኩ። ለአለቃዬ፣ ለአከራዬ፣ አብረውኝ ለተመረቁ ልጆች፣ ለሰፈሬ ባለሱቅ ላክሁ። በዚያው ፍጥነት ካፋ፣ ቦንጋ አካባቢ፣ ደካ ላለችው አክስቴም ላክሁ። ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያሳደገችኝ እሷ ናት። «እቴቴ» ነው የምላት፤ «አንቺ» ነው የምላት። የላክሁላት ግን ይህንን ነበር፦

«ለውድ ወዳጄ፣ እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላምና በጤና አሸጋገረዎ! ጨለማው ክረምት አልፎ ብርሃን በፈነጠቀበት፣ ምድር በአደይ አበባ ባሸበረቀችበት በዚህ ታላቅ ዕለት ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የፍቅር፣ የጤና፣ የደስታና የብልጽግና ዘመን እንዲሆንልዎ ከልብ የመነጨ መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ። መልካም አዲስ ዓመት!»

የእቴቴ ባለቤት ሐምሌ ላይ ነው ያረፉት። ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ውኃ አቅርቤ፣ አልቅሼ ነው የተመለስኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ «ለውድ ባለቤትዎ» ብዬ ጻፍኩላት።

እቴቴ ፊደል ብትቆጥርም ያቺን ትንሽ ባለቁልፍ ስልኳን ለማንበብ ዓይኗ አይረዳትም። መልእክት ሲመጣ የጎረቤት ልጅ ነው ጮክ ብሎ የሚያነብላት። ያን ጠዋት ቤቷ በዓልም ሐዘንም ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ልጁ በመካከላቸው ቆሞ አነበበው።

ከሰዓት ደወለችልኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ነሽ የላክሽው?» አለች። «ልጁ ሲያነብልኝ ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ መሰለኝ። ደህና ነሽ ግን?» ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «ማቴዎስማ አለፈ እኮ» አለችኝ።

ጎበዝ! ክርክሬ ከዚህ ይነሳል። ኮፒ የተደረገ የአዲስ ዓመት መልእክት «ምንም ካለመላክ ይሻላል» የምትሉ ሁሉ ተሳስታችኋል። እኔ ምንም ባልልክ ኖሮ እቴቴ «ሥራ በዝቶባት ነው» ትል ነበር። በመላኬ ግን እሷ ማን እንደሆነች አለማሰቤን፣ ያውም በሰው ፊት፣ አስነበብኳት።

ስህተቱ የት የት ነው?

ያንን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። የጋዜጠኝነት ትምህርት አንድ ነገር ካስተማረኝ የሰውን ጽሑፍ መበለት ነው፤ የራሴንም በለትኩት።

የመጀመሪያው በሽታ ግሡ ላይ ነው። አማርኛ ከብዙ ቋንቋ የሚለየው ሰላምታ ሲሰጥ የሚያናግረውን ሰው ግሡ ውስጥ ማስገባቱ ነው። አደረሰህ፣ አደረሰሽ፣ አደረሰዎ፣ አደረሳችሁ፣ አደረሰን። አንዷ የመጨረሻ ፊደል ወንድ ነህ ሴት ነሽ፣ ታላቅ ነዎት እኩያ ነህ፣ ብቻህን ነህ ከሰው ጋር የሚለውን ሁሉ ትናገራለች። «እንኳን አደረሰሽ» ስል ገና ስሟን ሳልጠራ እቴቴን ነክቻታለሁ። «አሸጋገረዎ» ስላት ግን በዕድሜዬ ጠርቻት በማላውቀው አጠራር ነው የጠራኋት። አክብሮት ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። አንቺ የሚሏትን ሰው ድንገት እርስዎ ማለት በእኛ ሀገር ወይ ኩርፊያ ነው ወይ ቀልድ።

«አደረሰህ/ሽ» እያሉ በእዝባር የሚልኩትንማ አልናገርም። እንደ ማመልከቻ ቅጽ «የማይመለከትሽን ሰርዢ» እንደማለት ነው።

ሁለተኛው በሽታ ወንጌላዊው ነው። ዘመኖቹ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ይዞራሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ማወቂያውም ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረሽ ለ4 ታካፍያለሽ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 2018 ላይ 5500 ሲጨመር 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ማርቆስ ነው ማለት ነው። የእኔ መልእክት «ወደ ዘመነ ማቴዎስ» ይላል። ያ የ2017 መግቢያ ነበር። ማለትም ከእኔ በፊት አንዱ ካምና የተላከለትን አውጥቶ ላከ፣ ሌላው ሳያነብ አስተላለፈ፣ እኔም ሳላነብ ተቀበልኩ። ወንጌላዊው እንደ ወተት ማሸጊያ ቀን ነው፤ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ከላይ ይነግራችኋል። እናንተ ባታዩት ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው እናታችሁ ታየዋለች።

ሦስተኛው አየሩ ነው። «ጨለማው ክረምት አልፎ፣ ምድር በአደይ አበባ አሸብርቃ»። ይህ ለሸዋና ለጎጃም ደጋ ይሠራ ይሆናል። ቦንጋን የሚያውቅ ግን መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ገና ሻንጣውን እንዳላዘጋጀ ያውቃል። ልጁ ያን ሲያነብ ደካ ላይ ቆርቆሮው በዝናብ እየተመታ ነበር። «ብርሃን በፈነጠቀበት» የሚለውን በዝናቡ ጩኸት ስንቴ እንደደገመው ሳስብ አፍራለሁ።

ለነገሩ ይሄ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ካፋዎች የራሳችን ዘመን መለወጫም አለን፤ ማሽቃሬ ባሮ። እዚያው መስከረም ውስጥ ቦንጋ ላይ፣ ቦንጌ ሻምበቶ ይከበራል። ታዲያ በዚያን ሰሞን የሚደርሱኝ መልእክቶች ምን ይመስላሉ? ያው የእንቁጣጣሹ ናቸው፤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። አደይ አበባውም ጨለማው ክረምትም ሳይነካ እንዳለ ይመጣል። የራሳችንን በዓል በሰው አበባ እናከብራለን።

አራተኛውና የሚያመው «ለውድ ባለቤትዎ» ነው። ስለዚህ ብዙ አልልም። ማንኛውም ኮፒ ተቀባዩ ትዳር እንዳለው፣ ልጅ እንዳለው፣ ጤነኛ እንደሆነ፣ ዓመቱ ደህና እንዳለፈለት ይገምታል። ግምቱ ለብዙው ሰው ሊሠራ ይችላል። የማይሠራለት ሰው ግን ዘንድሮ ከሁሉ በላይ መልእክት የሚያስፈልገው ሰው ነው።

«እመኛለሁ» የሚል አፍ አለ ወይ?

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልግባ። «ከልብ የመነጨ መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ።» እስኪ ይህን ለአንድ ሰው በአፋችሁ በሉት። እናታችሁ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች፣ በሩ ላይ ቆማችሁ «ከልብ የመነጨ መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ» በሏት። ትኩሳት እንዳላችሁ ለማየት ግንባራችሁን ትነካለች።

ሰው በአፉ ሲመኝ «እመኛለሁ» አይልም። «ይስጥሽ»፣ «ያድርግልህ»፣ «ያቆይልኝ»፣ «ለከርሞም ያድርሰን» ነው የሚለው። አድራጊው ማን እንደሆነ ሳይጠራ ይታወቃል፤ እግዜር ነው። ተናጋሪው መኖሩን የሚያሳውቀው ደግሞ በመጨረሻዋ ቅንጣት ነው። «ያቆይህ» እና «ያቆይልኝ» ልዩነታቸው ሰፊ ነው። «ያቆይልኝ» ውስጥ እኔ አለሁ፤ ብትሄዱ የሚጎድልብኝ እኔ ነኝ ማለት ነው። «ልኝ» የምትለዋ ሁለት ፊደል፣ «ከልብ የመነጨ» የሚለው ሐረግ ፈልጎ የማያገኘውን ልብ ይዛለች።

ታዲያ «እመኛለሁ» እና «እገልጻለሁ» ከየት መጡ? ከባነር ነው የመጡት፤ ከመሥሪያ ቤት የመልካም ምኞት መግለጫ ነው። ይህን በርግጠኝነት የምናገረው እኔ ራሴ ስለጻፍኳቸው ነው። ተመርቄ በገባሁበት የመጀመሪያ ሥራ ጳጉሜን ላይ የሚሰጠኝ ተግባር ይህ ነበር። ካምናውን ባነር አውጥቼ ዓመቱን እቀይራለሁ፤ «ሰላም» እና «ብልጽግና» ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አለቃ ይፈርማል።

ባነሩን አልነቅፍም። ባነር ከፊቱ ማን እንደሚያልፍ አያውቅም። «አደረሳችሁ» ማለቱ፣ ሰላምና ፍቅርን መደርደሩ፣ ማንንም አለመንካቱ ተገቢ ነው፤ ለዚያ ነው የተሰቀለው። ችግሩ ባነሩ ከአጥር ላይ ወርዶ እቴቴ ቤት ሲገባ ነው።

አንድ ፈተና አለኝ፤ በተለይ እንደ እኔ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ለምትናገሩ። መልእክቱን በቤታችሁ ቋንቋ መልሱት። እኔ ያንን ጽሑፍ በካፊኖኖ ልለው ሞከርኩ። «ከልብ የመነጨ መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ» ላይ ስደርስ አፌ ቆመ። ቃሉ ስለጠፋኝ አይደለም፤ እንደዚያ ብሎ ያናገረኝ ሰው ስለሌለ ነው። «እንኳን አደረሰሽ» ላይ ግን ምንም አልቆምኩም። አፋችሁ የቆመበት ሐረግ ሁሉ የእናንተ አይደለም፤ አውጡት።

እንዴት እንዳረምኩት

ስልኩን እንደዘጋሁ ያንኑ ቀን ሌላ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ይቅርታ ነበር። «እቴቴ በጣም አፈርኩ፣ ሳላስበው ነው፣ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም» እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። መልሼ ሳነበው ሁሉም ስለ እኔ ነው። ሐዘንተኛዋ እሷ፣ መጽናናት የሚፈለግላት እኔ ሆንኩ። ሰረዝኩት።

ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነበር። ደረቅ ከሆነ ላርጥበው ብዬ «የኔ ማር፣ የኔ ወለላ» አበዛሁ፤ ግጥም ቢጤም ገባበት። ይህም የእኔ ድምፅ አይደለም። እኔ እቴቴን ማር ብያት አላውቅም፤ ብላት «ብር ልትበደሪኝ ነው?» ነው የምትለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የራስ ድምፅ ማለት ጣፋጭ ድምፅ ማለት አይደለም። ቁጥብ ሰው ቁጥብ መልእክት ይላክ፤ ቀልደኛ ሰው ይቀልድ። ተቀባዩ ጽሑፉን ሲሰማ የላኪው ድምፅ ከጀርባው ካልተሰማው፣ ማሩም እንደ ባነሩ ኮፒ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ትቼ ዋናውን ጽሑፍ ዘረጋሁና መሰረዝ ጀመርኩ። «ለውድ ወዳጄ» ወጣ፤ በቦታው «እቴቴ» ገባ። ወንጌላዊው ወጣ። እሷ በአፏ የምትለው «ለዮሐንስ» ነው፤ መስከረም 1 የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነውና የድሮ ሰዎች ቀኑን በዚያ ነው የሚጠሩት። ቃሉን ከእሷ ተውሼ አስገባሁ። አየሩና አበባው ወጡ። «አሸጋገረዎ»፣ «አደረሰሽ» ሆነ። ሰላም፣ ፍቅር፣ ጤና፣ ደስታ፣ ብልጽግና፤ አምስቱም ወጡ። ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ አምስቱንም ለባለሱቁ ስለላክሁለት ነው።

ከዚያ የቀረው ባዶ ቦታ አስፈራኝ። ኮፒ የምናደርገው ስንፍና ብቻ ይዞን አይመስለኝም፤ ይህን ባዶ ቦታ ስለምንፈራም ነው። እዚያ ውስጥ መግባት የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር። ጋሼ የሉም። ይህን ሳላነሳ ማለፍ እችል ነበር፤ በዓል ነው፣ ሐዘን አይቀስቀስ ይባላል። ግን ቤቷ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ የመጡት ለዚያ ነው። አለማንሳቴ እሷን ከሐዘኗ አያስጥላትም፤ ብቻዋን ነው የሚተዋት።

መጨረሻ ላይ ምኞቱን ወደ ሥራ ቀየርኩት። «አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልሽ» ማለት እኔን ምንም አያስከፍለኝም፤ ባይሆን የሚጠይቀኝ የለም። ጋሼ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የጓሮውን ቡና ይለቅሙ እንደነበር አውቃለሁ። ዘንድሮ ማን ሊለቅመው ነው?

የላክሁት ይህ ነው፦

«እቴቴ፣ ለዮሐንስ እንኳን አደረሰሽ። ጋሼ የሌለበት የመጀመሪያው በዓል ነውና እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥቅምት ለቡናው እመጣለሁ። አንቺን ያቆይልኝ።»

ሁለቱን ቆጠርኳቸው። የመጀመሪያው ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሮ 235 ፊደል ነው፤ ይሄኛው 90። በስልክ መልእክት የእኛ ፊደል በአንድ ጊዜ የሚፈቀድለት 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ያ የባነር ጽሑፍ ለ4 ተከፍሎ ደካ ደረሰ። ይሄኛው ለ2። ትንሿ ስልክ ከእኔ የተሻለች አርታኢ ናት ማለት ይቻላል።

«ለሁለት መቶ ሰው እንዴት ይጻፋል?»

ጓደኛዬ ይህን ስነግራት የሰጠችኝ መልስ ነው። እውነት አላት። ለሁለት መቶ ሰው በየግሉ መጻፍ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ለአከራዬ ስለ ቡና ለቀማ አልጽፍም።

መልሴ ግን ኮፒው አይደለም። አባቶቻችን ለዚህ ሁለት ቃል ሠርተውልናል፤ «እንኳን አደረሰህ»። «እሱም እኮ የተቀዳ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚለው ነው» ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ሁሉም የሚለው ነው፤ ግን ሁሉም በአፉ የሚለው ነው። መጨረሻዋን ፊደል ለሰውየው አስተካክሎ፣ ስሙን ጨምሮ መላክ ባነሩን ከመለጠፍ በጥቂት ሴኮንድ ቢበልጥ ነው። «ጋሽ እከሌ፣ እንኳን አደረሰዎ።» አለቀ። አጭር ነው፣ እውነት ነው፣ የሞተን ሰው አይጠራም። ምርቃቱን ደግሞ ለባለቤቶቹ ተዉት፤ ታላቅ ታናሹን ይመርቃል እንጂ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ለሽማግሌ የብልጽግና ዘመን አታውጅም።

ከዚያ አምስት ሰው ምረጡ። አምስት ብቻ። ዓመቱ የከበዳቸውን፣ የተቀየማችኋቸውን፣ ያሳደጓችሁን። ለእነሱ ባዶውን ቦታ ሳትፈሩ ጻፉ።

ለላክሁት ባነር ስንት መልስ እንደመጣልኝ ታውቃላችሁ? ብዙ። አብዛኛው ሌላ ባነር ነው፤ ሁለቱማ የራሴው ጽሑፍ ዞሮ የተመለሰ ነበር፣ ከነማቴዎሱ። ኮፒ መልስ የለውም፤ ያለው ሌላ ኮፒ ብቻ ነው።

ማታ ላይ እቴቴ ደወለች። ስለ መጀመሪያው መልእክት አላነሳችም። ስለ ሁለተኛውም አላመሰገነችኝም።

«ጥቅምት ስንት?» ነው ያለችኝ።